አባይን በባዶ የሚወርደው ፒካፕ

አንተነህ፦ እሺ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። የዛሬው ጉዳያችን ሁለት መኪኖችን በነዳጅ ስናወዳድር በምን እንለካ የሚል ነው። በሊትር ስንት ኪሎ ሜትር ትሄዳለች ብለን ነው ወይስ በ100 ኪሎ ሜትር ስንት ሊትር ትጠጣለች ብለን?

ትርንጎ፦ ብቻ በአጎትህ ፒካፕ እንዳትጀምር።

አንተነህ፦ በአጎቴ ፒካፕ ነው የምጀምረው።

ትርንጎ፦ (ሳቅ) አውቄዋለሁ።

አንተነህ፦ ታውቂያለሽ፣ አጎቴ ቡሬ እህል ይነግዳሉ፣ የቤንዚን ፒካፕ አላቸው፣ አሮጌ። እና ሁሌ የሚያወሩት አንድ ነገር ነው። «ከጎሃ ጽዮን አባይ ድልድይ ድረስ በባዶ ነው የምወርደው፣ ጠብታ አላቃጥልም» ይላሉ። ማርሹን ነጻ አድርገው ማለት ነው።

ትርንጎ፦ ውይ፣ ያን ቁልቁለት? ፍሬኑስ?

አንተነህ፦ እሱን ነው የምልሽ! ፍሬኑ ይግላል፣ ቢሸት ቢሸት አይሰሙም። ደግሞ ነዳጅም አያተርፍም እኮ። ነዳጅ በኢንጀክሽን የሚረጭ ሞተር ከሆነ ማርሽ ውስጥ ሆነሽ ነዳጅ መርገጫውን ስትለቂ ነዳጁን ራሱ ይዘጋዋል፣ ጎማው ነው ሞተሩን የሚያዞረው። ነጻ ካደረግሽው ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ እየጠጣ ነው የሚወርደው። እሳቸው በባዶ ወረድኩ ይላሉ፣ ሞተሩ እየጠጣ ነው።

ትርንጎ፦ ደግሞ የወረደ ሰው ደጀን ለመድረስ መውጣት አለበት። አባይ ያበደረህን ይቀበልሃል።

አንተነህ፦ ያበደረህን ይቀበልሃል! እሱን ለአጎቴ ነው የምነግራቸው። እና ባለፈው ፋሲካ ቡሬ ተሰብስበናል። የቤተሰቡ ሱቅ ሁለት መኪና አለው፣ የአጎቴ ፒካፕና እኔ የምነዳት ቪትዝ። ገንዘቡ የሚበቃው አንዱን ለመቀየር ነው። ታዲያ የማን ይቀየር?

ትርንጎ፦ ያንተ ብለህ ተከራከርክ።

አንተነህ፦ እንዴታ! እኔ እንደ ጠበቃ ነው የተነሳሁት። «የእኔ ቪትዝ በሊትር 16 ኪሎ ሜትር ትሄዳለች፣ ያየናት አዲሷ ደግሞ 20፣ ስለዚህ 4 ኪሎ ሜትር አተረፍን። የአጎቴ ከ8 ወደ 10 ነው፣ 2 ብቻ። አራት ይበልጣል ሁለት?» አልኩ። ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። አጎቴ ራሳቸው ዝም አሉ።

ትርንጎ፦ እኔም እስማማ ነበር። አራት ይበልጣል።

አንተነህ፦ አይ ትርንጎ! አክስቴ ቡና እየቀዱ ነበር፣ ደብተሩን የሚይዙት እሳቸው ናቸው፣ የማደያ ደረሰኝ ሁሉ እሳቸው ጋ ነው። ቀና ብለው «እኔ የምከፍለው በኪሎ ሜትር ነው በሊትር?» አሉኝ።

ትርንጎ፦ ኧረ አክስትህ!

አንተነህ፦ ቆይ ላስላው። ሁለቱም በወር 1,000 ኪሎ ሜትር ይሄዳሉ እንበል፣ እውነትም ከዚያ አይርቁም። ፒካፑ በሊትር 8 ከሄደ 125 ሊትር ይጠጣል። 10 የሚሄድ ሲሆን 100 ሊትር። ያተረፍነው 25 ሊትር ነው። ቪትዟ 16 ስትሄድ 62.5 ሊትር፣ 20 ስትሄድ 50። ያተረፍነው 12.5 ብቻ።

ትርንጎ፦ ግማሹን! እንዴት ነው እሱ? አራት ጨምሮ ግማሽ?

አንተነህ፦ ያው ነዳጁ የሚገኘው ርቀቱን ለቁጥሩ ስታካፍይ ነው። አካፋዩ ትንሽ ሲሆን አንዲት ኪሎ ሜትር ብትጨምሪ ብዙ ሊትር ትቀንሳለች። አካፋዩ ሲተልቅ ያችው አንድ ኪሎ ሜትር ምንም አታመጣም። በ100 ኪሎ ሜትር ብንለካው ኖሮ ግን ክርክሩ ባልተነሳም። ፒካፑ ከ12.5 ሊትር ወደ 10፣ ቪትዟ ከ6.25 ወደ 5። አየሽ? 2.5 እና 1.25። ቀንሰሽ ጨረስሽ።

ትርንጎ፦ ቆይ ግን፣ አንተ ከአጎትህ እጥፍ ብትነዳስ?

አንተነህ፦ እሱ ልክ ነው፣ በወር 2,000 ብነዳ እኩል እንሆን ነበር። ግን አልነዳም።

ትርንጎ፦ እኔ ግን አልተዋጠልኝም። ነዳጅ በጠፋ ሰሞን ደብረ ማርቆስ ቆሜ፣ 10 ሊትር ይዤ፣ ባሕር ዳር እደርሳለሁ ወይ ነው የምለው። ያኔ በሊትር ስንት ትሄዳለች የሚለው ነው የሚጠቅመኝ። በ10 ታበዛለህ አለቀ።

አንተነህ፦ እሺ፣ ለመድረስ አዎ። ለማወዳደር ግን…

ትርንጎ፦ ከጃፓን የመጡት መኪኖች ስክሪናቸው ላይ እንደዚያ ነው የሚያሳዩት፣ km/L። አሁን እኔ በየቀኑ ላገላብጥ ነው?

አንተነህ፦ 100ን ለቁጥሩ ማካፈል እኮ ነው። 100 ለ16፣ 6.25። በቃ። ስልክ የለሽም?

ትርንጎ፦ አለኝ፣ ግን አልፈልግም። ቀጥል።

አንተነህ፦ ደግሞ አጎቴ በዚያ አላበቁም። «ማነው 8 ያለው? የእኔ 9 ነው» አሉ። ከየት አመጡት ብትይ፣ እህል ጭነው ሲሄዱ በሊትር 6፣ ባዶ ሲመለሱ 12፣ መሃሉ 9።

ትርንጎ፦ መሃሉማ 9 ነው።

አንተነህ፦ አይደለም! ሲሄዱ 120 ኪሎ ሜትር በ6፣ 20 ሊትር። ሲመለሱ 120 በ12፣ 10 ሊትር። በድምሩ 240 ኪሎ ሜትር በ30 ሊትር። 8 ነው! የአክስቴ ደብተርም 8 ነው የሚለው።

ትርንጎ፦ (ሳቅ) አክስትህ ይህን ፖድካስት ይያዙት።

አንተነህ፦ በ100 ኪሎ ሜትር ቢሆን ግን፣ መሄጃና መመለሻው እኩል ርቀት ስለሆነ፣ ደምረሽ ለሁለት ብታካፍዪው ትክክል ይመጣል። 16.7 እና 8.3፣ መሃሉ 12.5። ልክ የፒካፑ።

ትርንጎ፦ እሺ ይሄኛው ገባኝ። የመጀመሪያውን ግን ገና ነኝ። አክስትህ ግን እንዴት ነው የሚለኩት?

አንተነህ፦ ቀላል ነው። ታንኩን ትሞያለሽ፣ ቱቦው ራሱ ጠቅ ብሎ ሲያቆም በቃ፣ አትጨምሪ። ኪሎ ሜትር ቆጣሪውን ትጽፊያለሽ። ትነጃለሽ። ተመልሰሽ እዚያው ማደያ፣ የሚቻል ከሆነ እዚያው ፓምፕ፣ እንደገና ጠቅ እስኪል ትሞያለሽ። ያሁኑ የቀዳሽው ሊትር ነው የጠጣችው። እኔ ከባሕር ዳር ማርቆስ ደርሼ ስመለስ 528 ኪሎ ሜትር ሄድኩ፣ 33 ሊትር ገባ። 16 የመጣው ከዚያ ነው።

ትርንጎ፦ አንድ ጊዜ ብቻ?

አንተነህ፦ ሦስት ጊዜ። አንዴ ብቻ ከሆነ ታንኩ ውስጥ አየር ቀርቶ ቶሎ ጠቅ ሊል ይችላል፣ አንድ ሁለት ሊትር ያሳስታል። ደግሞ ደርሶ መልስ መሆን አለበት። ጎሃ ጽዮን ሞልተሽ አባይ ድልድይ ላይ ብትለኪ የአጎቴን ተአምር ታያለሽ።

ትርንጎ፦ በባዶ!

አንተነህ፦ በባዶ! እና ጎማ የቀየረ ሰው ይጠንቀቅ። የአጎቴ ጎማ ከፋብሪካው ተልቆ ቢሆን ኖሮ ቆጣሪው አሳንሶ ነበር የሚቆጥረው፣ መኪናው ከእውነቱ በላይ የሚጠጣ ይመስል ነበር።

ትርንጎ፦ የናፍጣ ፒካፕ ቢገዙስ? በሊትር ብዙ ይሄዳል ይባላል።

አንተነህ፦ ይሄዳል፣ ግን አንድ ሊትር ናፍጣ ከአንድ ሊትር ቤንዚን የበለጠ ጉልበት አለው፣ ዋጋውም ሌላ ነው። ሊትር ለሊትር ካወዳደርሽ ተሸወድሽ። ያኔ በብር ነው፣ በ100 ኪሎ ሜትር ስንት ብር ብለሽ።

ትርንጎ፦ ይኸው፣ በመጨረሻ አንተም ሊትሩን ተውከው።

አንተነህ፦ አልተውኩም፣ በ100 ኪሎ ሜትር አልኩ እኮ!

ትርንጎ፦ እሺ እሺ። ፒካፑስ ተቀየረ?

አንተነህ፦ አክስቴ ፈርደዋል፣ ይቀየራል። አጎቴ ግን አዲሱን ከመግዛታቸው በፊት ይሞክሩታል።

ትርንጎ፦ የት?

አንተነህ፦ የት ትያለሽ? አባይ ቁልቁለት ላይ ነዋ።