ደላላው ለማን ይደክማል?

ክቡራትና ክቡራን፣

እንደምን አላችሁ? እኔ ለብዙ ዓመታት ቤት አሻሻጭ ነበርኩ። ዛሬ የምነግራችሁ በሥራ ላይ እያለሁ ለደንበኞቼ ያልነገርኳቸውን ሒሳብ ነው።

ቤቱን ሊሸጥ የመጣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚከራከረኝ በኮሚሽኑ መጠን ላይ ነበር። 3 ከመቶ ስለው 2 ይለኛል፤ በ2 እንስማማና ደስ ብሎት ይሄዳል። ዋናው ገንዘብ የሚያመልጠው ግን ከዚያ በኋላ ነው።

በቁጥር እንየው። 1,000,000 የሚከፍል ገዢ አመጣሁ እንበል። በ2 ከመቶ የእኔ ድርሻ 20,000 ነው። ሦስት ሳምንት ብንታገስ ደግሞ 1,050,000 የሚከፍል ሊገኝ ይችላል። ከዚህ ጭማሪ ባለቤቱ 49,000 ሲደርሰው ለእኔ የምትደርሰኝ 1,000 ናት። ለእሷ ብዬ ሦስት ሳምንት ሙሉ ቤቱን የማሳየው፣ በእጄ ያለው ገዢ እንዳይሸሽ የምሰጋው እኔ ነኝ። ስለዚህ እደውልና «ገበያው ቀዝቅዟል፣ ይህን ሰው ባናጣው ይሻላል» እላለሁ። ስናገረው ደግሞ ከልቤ አምኜበት ነው። ለዚህም ነው ደንበኛው የሚቀበለኝ፤ ዋሾ ብሆን ኖሮ ከድምፄ ያውቀኝ ነበር።

ስቲቨን ሌቪትና ቻድ ሲቨርሰን የተባሉ ኢኮኖሚስቶች እ.ኤ.አ. በ2008 ባሳተሙት ጥናት በቺካጎ አካባቢ የተሸጡ 100,000 የሚጠጉ ቤቶችን መርምረዋል። ደላሎች የራሳቸውን ቤት ሲሸጡ፣ ተመሳሳይ ከሆነው የደንበኛ ቤት ይልቅ ዘጠኝ ቀን ተኩል ያህል አቆይተው፣ 3.7 ከመቶ ገደማ በሚበልጥ ዋጋ ነበር የሸጡት። ለራሳቸው ሲሆን መታገሥ ያውቁበታል ማለት ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? አከፋፈሉን መቀየር ይቻላል። ለዚያው ቤት እስከ 900,000 ድረስ 1 ከመቶ፣ ከ900,000 በላይ ለሚገኘው ግን 10 ከመቶ ክፈሉ። ቤቱ 1,000,000 ከተሸጠ ደላላው 19,000 ያገኛል፤ ከቀድሞው ብዙም አይርቅም። 1,050,000 ከተሸጠ ግን 24,000 ይሆንለታል። ያቺ 1,000 አሁን 5,000 ሆነች። እውነቴን ነው፣ ለ5,000 ብዬ ስልኩን ትንሽ አዘገየው ነበር።

ችግሩ 900,000 የሚለውን መነሻ ማን ይወስናል የሚለው ነው። አከፋፈሉን አስቀድሞ ያወቀ ደላላ ቤታችሁን ያጣጥልባችኋል፤ ጣሪያው አርጅቷል፣ መንገዱ አይመችም ይላል። መነሻው ዝቅ ባለ ቁጥር 10 ከመቶው ቶሎ ይጀምርለታላ! እንግዲህ መጀመሪያ ሦስት ደላሎችን ለየብቻ ዋጋ አስገምቱ፤ ስለ አከፋፈሉ የምታነሡት ከዚያ በኋላ ይሁን። ውሉም የሚያበቃበት ቀን ይኑረው። ጭማሪውን ያየ ደላላ በተራው ከልክ በላይ ሊጠብቅ ይችላልና።

ሌላው ደንበኞቼ በየጊዜው የሚሠሩት ስህተት የመጨረሻ ዋጋቸውን ሹክ ማለት ነው። «ለአንተ ብቻ ልንገርህ፣ ካልሆነ በ950,000ም እሸጣለሁ» ይሉኛል። ከዚያ በኋላ ገዢ «ትንሽ አይቀንስም?» ሲለኝ ፊቴ ብቻ ይመልስለታል። ውክልና ስትሰጡ የምትፈልጉትን ዋጋ ጻፉ፤ ከዚያ በታች የመጣውን ሁሉ በጽሑፍ ያቅርብላችሁ፣ እሺ ወይም እምቢ የምትሉት እናንተ ሁኑ። ከገዢው ወገንም የሚያገኘው ክፍያ ካለ በውሉ ላይ ያስፍር። ይህን ስትጠይቁት የሚቆጣ ደላላ ካጋጠማችሁ፣ ቁጣው ራሱ መልስ ነው።

የገዢ ደላላ ስትቀጥሩ ነገሩ ይባስ ይገለበጣል። በዋጋው ከመቶኛ የሚከፈለው ከሆነ፣ እናንተ ብዙ በከፈላችሁ ቁጥር እሱ ይጠቀማል። ለእሱ ቁርጥ ያለ ክፍያ ስጡትና ካስቀነሰው ላይ ድርሻ ጨምሩለት፤ ቅናሹ የሚቆጠረው ግን አስቀድሞ በታወቀ ዋጋ ላይ ይሁን እንጂ ሻጩ መጀመሪያ በጠራው ላይ አይሁን። መጀመሪያ የሚጠራ ዋጋ ለመቀነስ ተብሎ የተነፋ ነው።

ጠበቃም ከዚህ አያመልጥም። በሰዓት የሚከፈለው ክርክሩ ቢረዝም አይጎዳም። ካስገኘው ላይ ሲሶ የሚወስደው ደግሞ 300,000 ሲቀርብለት 100,000 አገኘ ማለት ነው። 200 ሰዓት ጨምሮ ቢሠራና 360,000 ቢያስገኝ ለእናንተ 40,000፣ ለእሱ 20,000 ይጨመራል፤ በሰዓት 100 መሆኑ ነው። ሌላ ደንበኛ ከዚያ የተሻለ የሚከፍለው ከሆነ «እንስማማ» ይላችኋል። ያኔ «ብንቀጥል ምን ያህል ሰዓት ይፈጃል? የማሸነፍ ዕድላችንስ?» ብላችሁ ጠይቁና መልሱን በጽሑፍ ተቀበሉ፤ ከዚያ ለአንድ ሰዓት ምክር ብቻ የምትከፍሉት ሌላ ጠበቃ ወረቀቱን ያንብበው። የእሱ ክፍያ ተስማማችሁም አልተስማማችሁም አይለወጥም።

አመሰግናለሁ። ውል ይዛችሁ የመጣችሁ ካላችሁ፣ የአከፋፈሉን አንቀጽ አብረን እናንብበው።