የተርጓሚዋ 50,000 ብር፦ ደመወዝ ይሻላል ወይስ ፍሪላንስ?

(ስክሪኑ ላይ፦ 50,000 እና 50,000 ጎን ለጎን)

አዲስ አበባ ውስጥ 15 ዓመት የተረጎመች፣ ሁለት ልጆች የምታስተምርና እናቷን የምትጦር አንዲት ባለሙያን እናስብ። ባለፈው ዓመት በፍሪላንስ 600,000 ብር አስገብታለች፤ ለ12 ወር ሲካፈል 50,000 ነው። አሁን አንድ መሥሪያ ቤት ያልተጣራ 50,000 ብር ደመወዝ አቅርቦላታል። እኩል ይመስላሉ፤ ግን አይደሉም።

ከደመወዙ እንጀምር። በ2017 ዓ.ም. በተሻሻለው የገቢ ግብር ስሌት 15,450 ብር ለግብር፣ 7 በመቶ ማለትም 3,500 ብር ለጡረታ ይቆረጣል። እጇ የሚገባው 31,050 ብር ነው። ቀጣሪው ደግሞ ከራሱ 11 በመቶ፣ 5,500 ብር ጡረታ ይከፍልላታል።

(ስክሪኑ ላይ፦ የባንክ ሒሳብ መግለጫ፣ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት)

ፍሪላንሱን በአማካይ አትመዝኑት። የባንክ መግለጫችሁን አውጡና ገንዘቡን ሥራው በተሠራበት ሳይሆን በገባበት ወር ጻፉት። የእሷ ሐምሌ 20,000፣ ነሐሴ 12,000፣ መስከረም 15,000፣ ጥቅምት 18,000 ሆኖ ተገኘ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ አብዛኛው ሥራዋ ከመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የሚመጣ ሲሆን በጀታቸው ሰኔ 30 ይዘጋል። ሰኔ ላይ ሥራው ይጎርፋል፣ ከዚያ አዲሱ በጀት እስኪለቀቅ ይቀዘቅዛል።

የቤቷ ቋሚ ወጪ በወር 28,000 ብር ነው። በአራቱ ወራት 47,000 ብር ይጎድላታል። የልጆቹ ምዝገባና ዩኒፎርም 30,000 ብር የሚጠይቀውም በዚሁ ወቅት ነው። ስለዚህ ሰኔ 30 ላይ በተለየ ሒሳብ 77,000 ብር ያስፈልጋታል። የነጋዴ ግብር መክፈያውም እንደ ደረጃው ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ስለሆነ፣ የግብሩን ድርሻ ከእያንዳንዱ ክፍያ ላይ አስቀድማ ማንሳት አለባት። ብዙ ተርጓሚ የሚበደረው እዚህ ላይ ነው፤ ሥራ አጥቶ አይደለም።

ሕመምም ይቆጠር። በፍሪላንስ ልጅ ይዞ ሐኪም ቤት የዋሉበት ቀን 2,000 ቃል ያህል የትርጉም ሥራ ይበላል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ግን የታመመ ሠራተኛ የመጀመሪያውን ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹን ሁለት ወራት ግማሽ ያገኛል። ይህ ለራሷ ሕመም እንጂ ለልጇ አይደለም፤ ለልጇ ከዓመት ፈቃዷ መቀነስ ሊኖርባት ይችላል።

ደመወዙም ቢሆን ከቤት ወጪዋ የሚተርፈው 3,050 ብር ብቻ ነው። የትምህርት ቤቱን 30,000 ለማጠራቀም ዐሥር ወር ይፈጃል። ስለዚህ ከመፈረሟ በፊት ውሉን ታንብብ፦ «ላልተወሰነ ጊዜ» ይላል ወይስ የፕሮጀክት ነው? ከሥራ ሰዓት ውጭ መተርጎምን ይከለክላል? ከከለከለ በጽሑፍ እንዲሻሻልላት ትጠይቅ። የሙከራ ጊዜው እስከ 60 የሥራ ቀን ሊዘልቅ ይችላል፤ በዚያ ጊዜ ያለ ማስጠንቀቂያ ልትሰናበት ስለምትችል፣ ውሉ ከፈቀደ ቢያንስ ሁለት የቆዩ ደንበኞቿን በማታና በቅዳሜ ሥራ ትያዛቸው።