ለፋሲካ ያልደረሰው ቀሚስ እና የይቅርታው ፖስት

ሰላም ሰላም፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ብቻዬን ነው የማወራው። የማወራው ስለ አንድ የይቅርታ ፖስት ነው። በቴሌግራም የሐበሻ ቀሚስ የምትሸጥ ጓደኛ አለችኝ። ለ2017 ፋሲካ ዕቃ ሲዘገይባት መልእክት እየመለስኩ አግዣት ነበር። ያን ጊዜ ያየሁት ነገር እስከ ዛሬ ከአእምሮዬ አልወጣም።

መጀመሪያ ነገሩ እንዴት እንደተበላሸ ልንገራችሁ። የዚያ ዓመት ፋሲካ ሚያዝያ 12 ነበር የዋለው። ሳምንት ቆይቶ ሚያዝያ 19 ዳግማይ ትንሣኤ ነው። በጾም ሰርግ ስለማይደገስ፣ ሁዳዴ እንደተፈታ ሰርግ ይደራረባል። ስለዚህ ሸማኔው ላይ ሁለት ሰልፍ በአንድ ጊዜ ይመጣል፤ ለፋሲካ የሚለብሰው እና ለሰርግ የሚለብሰው። ቀሚሱ ደግሞ ከሸማኔ ወጥቶ ወደ ጥልፍ፣ ከጥልፍ ወደ ልብስ ሰፊ፣ ከዚያ ወደ ተኩስ ይሄዳል። ሸማኔው ጋ ሦስት ቀን ከዘገየ ልብስ ሰፊው ጋ ሲደርስ ሳምንት ይሆናል፤ ምክንያቱም ተራው አልፎታል፣ የሌላ ሰው ሥራ ገብቶበታል። በዚያ ላይ መብራት ይጠፋል፣ የጥልፍ ማሽን ይቆማል።

ሱቁ ግን በዚህ ሁሉ መሀል ትዕዛዝ መቀበሉን አላቆመም። ዋናው ችግር ይሄ ነው። ደንበኛ ብሩን በቴሌብር ይልካል፣ ስክሪንሾቱን ይልካል፣ «ለፋሲካ ይደርሳል አይደል?» ይላል፤ «ይደርሳል» ይባላል። ሸማኔው ግን አልተጠየቀም።

የሕማማት ሰኞ ኢንቦክሱ ሞላ። ቻናሉ ላይ ኮሜንት መጣ፤ «ሌቦች ናችሁ» የሚልም ነበረ። ጓደኛዬ የመጀመሪያ ሐሳቧ ኮሜንቱን መዝጋት ነበር። ልፈርድባት አልችልም፤ እንቅልፍ አጥታ ነበር። ግን ገንዘብ ከፍሎ የሚጠብቅ ሰው ኮሜንት ሲዘጋበት አንድ ነገር ብቻ ነው የሚያስበው፤ ብሬ ተበልቷል ብሎ። በቴሌግራም የሚገዛ ሰው ሄዶ የሚያንኳኳው በር የለውም። ያለው ያቺ ቻናል ብቻ ናት። ስለዚህ ኮሜንቱ ክፍት ሆኖ ቆየ።

ሁለተኛው ሐሳብ የተለመደውን መጻፍ ነበር፤ «ለተፈጠረው መጉላላት ይቅርታ እንጠይቃለን፣ በትዕግሥት ስለጠበቃችሁን እናመሰግናለን»። ይሄን እኛ ሁላችን እናውቀዋለን። ሲነበብ ግን ደንበኛዋ የምትፈልገውን አንዱንም አይነግራትም። እሷ ማወቅ የምትፈልገው ቀሚሱ መቼ እንደሚደርስ፣ ካልደረሰ ብሯ ምን እንደሚሆን ነው።

ፖስቱ ከመጻፉ በፊት ሁለት ሥራ ተሠራ፤ ለእኔ ፖስቱን ያዳኑት እነዚህ ናቸው። አንደኛው ደብተሩን ከፍቶ ትዕዛዞቹን መለየት ነው፤ መቼ እንደታዘዙ ብቻ ሳይሆን ለምን ቀን እንደሚፈለጉ። አንዳንዷ የፋሲካ ዕለት ቤተ ክርስቲያን ለብሳ መሄድ ትፈልጋለች። አንዳንዷ ሰርጉ የዳግማይ ዕለት ስለሆነ ገና ጊዜ አላት፣ ግን ስላልተነገራት ትጨነቃለች። ዋሽንግተን ሆና ለእናቷ ያዘዘችም ነበረች፤ ከፋይዋ እዚያ፣ ተቀባይዋ እዚህ። መልእክት ለልጅቷ ብቻ ከተላከ እናት ቤት ቁጭ ብለው ይጠብቃሉ፤ ለሁለቱም መነገር አለበት። ከሁሉ የከበደው ደግሞ በመንገደኛ ሻንጣ ወደ ውጭ የሚሄደው ነበር። የእሱ ቀን ፋሲካ አይደለም፤ የአውሮፕላኑ ቀን ነው። ካለፈ አለፈ።

ሁለተኛው ሥራ ገንዘቡን መቁጠር ነው። ይሄን ብዙ ሰው አያስብበትም። ደንበኛ የከፈለው ብር እኮ ሱቁ ጋ አልተቀመጠም፤ ግማሹ ለሸማኔ ቀብድ፣ ግማሹ ለፈትል ወጥቷል። «ገንዘባችሁን እንመልሳለን» ብሎ ጽፎ ብሩ ከሌለ፣ ሁለተኛው ውሸት ከመጀመሪያው ይብሳል። ጓደኛዬ ከወንድሟ ተበድራ የዘገየውን ሁሉ መመለስ የሚችል ብር ቴሌብሯ ላይ አስቀመጠች። ከዚያ ነው የጻፈችው።

ፖስቱ የወጣው ማክሰኞ ሚያዝያ 7 ጠዋት ነው። ፈቅዳልኝ ላንብብላችሁ።

«ሰላም ደንበኞቻችን። ከመጋቢት 20 ወዲህ የታዘዙ ቀሚሶች ለፋሲካ አይደርሱም። ይቅርታ እንጠይቃለን። ሸማኔዎቻችን መጨረስ ከሚችሉት በላይ ትዕዛዝ ተቀብለናል፤ ጥፋቱ የሱቁ ነው። ከመጋቢት 20 በፊት ያዘዛችሁ እስከ ጸሎተ ሐሙስ ማታ ይደርሳችኋል። ለዘገየባችሁ ሁሉ ዛሬ ከምሽቱ 2 ሰዓት በፊት እንደውላለን። ምርጫው የእናንተ ነው። እስከ ሐሙስ ሚያዝያ 16 መጠበቅ ትችላላችሁ። አሁን በእጃችን ካሉት ቀሚሶች መምረጥ ትችላላችሁ። ወይም ሙሉ ገንዘባችሁን መውሰድ ትችላላችሁ፤ እስከ ነገ ማታ ይገባላችኋል። ለምትጠብቁን የማድረሻውን እኛ እንከፍላለን። ከዛሬ ጀምሮ ለበዓሉ አዲስ ትዕዛዝ አንቀበልም።»

በቃ፣ ይሄው ነው። የአበባም የልብም ኢሞጂ የለበትም።

የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር መጥፎውን ዜና ነው የሚናገረው። ብዙ ሱቆች ምስጋናና ማብራሪያ ካዥጎደጎዱ በኋላ ነው ወደ ዋናው የሚመጡት፤ ስልክ ላይ ደግሞ ሰው እስከዚያ አያነብም። «ከመጋቢት 20 ወዲህ» የሚለው ቀን ደግሞ ሰውን በአንድ ጊዜ ይለያል። መጋቢት 12 ያዘዘችው እፎይ ብላ ትተኛለች፤ ኢንቦክስ መጥታ አትጠይቅም። በዚያ ምክንያት ብቻ የመልእክቱ ጫና ሲቀንስ አይቻለሁ።

ምክንያቱ አንድ መስመር ብቻ ነው። መብራት ጠፍቶ ነበር፤ እውነት ነው። ሞተረኛም አልተገኘም ነበር። ግን ጓደኛዬ አልጻፈችውም። ደንበኛዋ ብሩን የሰጠችው ለሱቁ እንጂ ለመብራት ኃይል አይደለም። ሸማኔውን መክሰስ ደግሞ ከዚያ ይብሳል። ጋሽ እንትና ሌሊት ሁሉ ሲሠሩ የሚያድሩ ሰው ናቸው፤ ያልተነገራቸውን ትዕዛዝ እንዴት ይጨርሱ?

ቀኑን በተመለከተ ትንሽ ልቆይ። ለምን ጸሎተ ሐሙስ? ስቅለት ዕለት ብዙ ሰው ከጠዋት እስከ ማታ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ስልክ አያነሳም። እንደምታውቁት አዲስ አበባ ውስጥ ዕቃ የሚደርሰው በስልክ ነው፤ «ከታክሲ ማዞሪያው ወረድ በል፣ ሰማያዊ በር» እየተባለ። ስልክ ካልተነሳ ሞተረኛው ዕቃውን ይዞ ይመለሳል። ቅዳሜ ደግሞ መንገዱም ገበያውም ጭንቅ ነው። ስለዚህ «ለፋሲካ ይደርሳል» ማለት በተግባር «እስከ ሐሙስ» ማለት ነው። ሚያዝያ 16 የሚለውም ዝም ብሎ የመጣ አይደለም። ጓደኛዬ ሸማኔዎቹንም ልብስ ሰፊውንም ጠየቀች፤ ሚያዝያ 14 እንጨርሳለን አሏት። እሷ ሁለት ቀን ጨምራ ጻፈች። ሁለተኛ ጊዜ የሚሰበር ቀን ከመስጠት፣ ሩቅ ግን የሚጠበቅ ቀን መስጠት ይሻላል። ቀኑን ጨርሶ የማታውቁ ከሆነ ደግሞ ቀኑን የምትናገሩበትን ቀን ተናገሩ። «ሐሙስ 6 ሰዓት ላይ እናሳውቃለን» በሉና በዚያ ሰዓት፣ አዲስ ነገር ባይኖርም፣ ብቅ በሉ።

ስልኩን ተከፋፍለን ደወልን። መጀመሪያ የመንገደኞቹን፣ ቀጥሎ የፋሲካዎቹን፣ መጨረሻ የሰርጎቹን። የተቆጡ ነበሩ፤ መቆጣትም መብታቸው ነው። እኔ ያስተዋልኩት ግን አብዛኞቹ ሦስቱን ምርጫ ሲሰሙ ድምፃቸው ይለወጣል። በተለይ «ብርሽን አሁኑኑ ልላክልሽ?» የሚለውን ሲሰሙ። ብሩ እንዳለ ካወቁ በኋላ «ተዪው፣ እጠብቃለሁ» ያሉት ጥቂት አይደሉም። የወሰዱትም ነበሩ፣ በዚያው ቀን ተላከላቸው። አንዷ ብሯን ተቀብላ፣ ለሰርግ ብላ እንደገና አዘዘች።

አሁን ወደ መፍትሔው ልምጣ። ከዳግማይ በኋላ ሌላ ፖስት ወጣ፤ ምን እንደተለወጠ የሚናገር። «አሠራራችንን አሻሽለናል» ብሎ መጻፍ ይቻል ነበር። ጓደኛዬ ግን ደንበኛው በዓይኑ የሚያየውን ብቻ ጻፈች።

ዋናው ለውጥ ለበዓል ትዕዛዝ የሚዘጋበት ቀን ነው። ቀኑን የምታወጣው ወደ ኋላ እየቆጠረች ነው። የዚያኑ ዓመት ፋሲካ ብንወስድ፣ የመጨረሻው የማድረሻ ቀን ሚያዝያ 9 ነው። ተኩሶ ማሸጊያ ሁለት ቀን ስጡ፤ ሚያዝያ 7 መጣ። ጥልፍና ስፌት በዚያ ወረፋ ሁለት ሳምንት ይፈልጋል፤ መጋቢት 23። ሸማው እንደ ጥለቱ ብዛት ነው፤ በዚያ ወረፋ እሱንም ሁለት ሳምንት ያዙለት። ሸማኔው 12ን፣ 21ን የሚያከብር ከሆነ እነዚያም ከሥራ ቀን ይቀነሳሉ። ስለዚህ ትዕዛዝ መዘጋት የነበረበት መጋቢት 9 አካባቢ ነው። እነሱ እስከ ሚያዝያ መጀመሪያ ድረስ ሲቀበሉ ነበር። ስሌቱን ወረቀት ላይ ስታዩት መዘግየቱ አደጋ እንዳልሆነ ይገባችኋል፤ ከመጀመሪያውኑ ተጽፎ ነበር።

ቀኑ አሁን ቻናሉ አናት ላይ ተለጥፏል። ከዚያ ቀን በኋላ የመጣ ሰው «ለፋሲካ አይደርስም፣ ለሰርግ ይደርሳል» ይባላል። ገበያ ይቀንሳል፣ አዎ። ይሄን መደበቅ አልፈልግም፤ የበዓል ሳምንት ትልቁ ገበያ ነው፣ እምቢ ማለት ያማል።

ሌላው ክፍያው ነው። ድሮ ሙሉ ብር ነበር የምትቀበለው፤ አሁን ሲታዘዝ ግማሽ፣ ቀሚሱ ሲያልቅና ፎቶው ሲላክ ቀሪው። ደንበኛዋ ፎቶውን ስታይ ሥራው የት እንደደረሰ ታውቃለች፤ ሱቁም ያልጨረሰውን ዕቃ ሙሉ ብር ይዞ አይገኝም። ሲታዘዝ ደግሞ «ለምን ቀን ነው የሚያስፈልግሽ?» ተብሎ ይጠየቃል፣ ደብተሩ ላይ ከስሟ ጎን ይጻፋል።

አንድ ነገር ልጨምር። እንዲህ ያለ ፖስት የሚሠራው አንዴ ነው። በሚቀጥለው በዓል ያው ሱቅ ያንኑ ቢጽፍ፣ ቃሉ የቱንም ያህል ቢያምር ሰው አይጠብቅም፤ ትዕዛዝ የሚዘጋበት ቀን ካልተከበረ ይቅርታው አብሮ ይወድቃል። የሚያዝያ 7ቱን ፖስት በተመለከተ ደግሞ ጓደኛዬ አላጠፋችውም። ሐሙስ ሚያዝያ 16 ማታ፣ የመጨረሻው ቀሚስ ሲደርስ፣ ከሥሩ «ሁሉም ደርሷል፤ ያልደረሰው ካለ በዚህ ስልክ ይደውልልን» ብላ ጨመረችበት። አንድ ሰው ደወለ። ቀሚሱ ጎረቤት ተሰጥቶ ነበር፤ በዚያው ምሽት ተገኘ።