ሽምግልናው ሲጓተት ይርጋው አይጠብቅም

የሠራተኛ ማኅበር ተወካዮች፣ ውድ ተሰብሳቢዎች፣ እንደምን ዋላችሁ።

ዛሬ ስለ ይርጋ ነው የማወራችሁ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሠራተኛው መብቱን የሚጠይቅበትን ጊዜ ገድቧል። ጊዜው በጣም አጭር ነው። ብዙ ሰው የሚያልፍበት ደግሞ ቸል ብሎ ሳይሆን በሰላም ለመጨረስ ሲሞክር ነው። ይህ በጣም ያሳዝነኛል።

አንድ ምሳሌ ላንሳ። አንዲት ሠራተኛ መስከረም 5 ቀን ከሥራ ተሰናበተች እንበል። ስንብቱ ሕገ ወጥ ነው ብላ ታምናለች። የምትፈልገው ወደ ሥራዋ መመለስ ነው። ከዚያ በተጨማሪ ያልተከፈላት የትርፍ ሰዓት አለ። ለሥራ አስኪያጁ አቤቱታ ጻፈች። “እናየዋለን፣ ትንሽ ታገሺ” አሏት። ሽማግሌም ገባ። ሁለት ሦስት ጊዜ ተቀመጡ። በመጨረሻ ታኅሣሥ 20 ቀን “አንመልስሽም” የሚል ደብዳቤ ደረሳት። ያኔ ወደ ፍርድ ቤት ሄደች።

ወደ ሥራ ለመመለስ የሚቀርብ ጥያቄ ይርጋው ሦስት ወር ነው። የሚቆጠረው ውሉ ከተቋረጠበት ቀን ማግስት እንጂ የመጨረሻው ደብዳቤ ከደረሳት ቀን አይደለም። ስለዚህ ታኅሣሥ 5 ላይ አልቋል። አሠሪው ይርጋውን መቃወሚያ አድርጎ ካነሳ፣ ስንብቱ የቱንም ያህል ሕገ ወጥ ቢሆን ሥራዋን መልሳ አታገኝም።

ሁሉም ነገር ግን አልቀረባትም። ከውሉ መቋረጥ ጋር የተያያዙ ክፍያዎች ስድስት ወር አላቸው። እነሱን አሁንም መጠየቅ ትችላለች። የትርፍ ሰዓቱ ትንሽ ለየት ይላል። እሱም ስድስት ወር ነው፤ ነገር ግን እያንዳንዱ ክፍያ መከፈል ከነበረበት ቀን ጀምሮ ለብቻው ይቆጠራል። በግንቦት 30 መከፈል የነበረበት በይርጋ ታግዷል። የሰኔ 30ው ጥቂት ቀናት ቀርተውታል። ክሱን ሁለት ሳምንት ብታዘገየው እሱም ያመልጣታል። ልዩ ጊዜ ላልተቀመጠላቸው ሌሎች ጥያቄዎች ጠቅላላው ይርጋ አንድ ዓመት ነው።

ታዲያ ይርጋውን የሚያቋርጠው ምንድን ነው? የሥራ ክርክር ለመወሰን ሥልጣን ላለው አካል ማመልከት ያቋርጠዋል። አዋጁን ለሚያስፈጽመው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ማመልከትም ያቋርጠዋል፤ የጽሑፍ ውሳኔ እስኪሰጥ ድረስ። ሦስተኛው አሠሪው የሠራተኛውን መብት በግልጽ ሲያምን ነው። በዚህ በሦስተኛው ምክንያት ግን ከሦስት ጊዜ በላይ ማቋረጥ አይቻልም። “እናየዋለን” ማመን አይደለም። “የሦስት ወር ትርፍ ሰዓት አለብን” የሚል ፊርማ ያለበት ወረቀት ግን ማመን ነው። አሠሪው ገንዘቡ እንዳለበት ካመነ፣ ሽማግሌው ወዲያው በወረቀት እንዲያስፈርመው ጠይቁ።

ሽምግልና ይቅር እያልኩ አይደለም። ክሱ ተከፍቶም መነጋገር ይቻላል። ከተስማሙ መዝገቡ በስምምነት ይዘጋል። ቅደም ተከተሉ ይህ ቢሆን ማንም አይጎዳም።

አሁን መንገዱን እንይ። ክርክሩ የግል ከሆነ፣ እንደ ስንብት ወይም እንደ አንድ ሰው ደመወዝ፣ የሚሄደው ወደ መጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት የሥራ ክርክር ችሎት ነው። ችሎቱ ክሱ በቀረበ በ60 ቀን ውስጥ እንዲወስን አዋጁ ይጠብቅበታል። ቅር የተሰኘ ወገን ይግባኝ የሚለው በ30 ቀን ውስጥ ነው።

የወል ክርክር፣ ለምሳሌ የሁሉንም ሠራተኛ የሚነካ የኅብረት ስምምነት ጉዳይ፣ ሌላ በር አለው። ክርክሩ ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት ሲቀርብ አስማሚ ይመደባል። አስማሚው ሁለቱን ወገኖች ለማስማማት 30 ቀን አለው። ካልተሳካለት ሪፖርት ያደርጋል። ከዚያ ማንኛውም ወገን ጉዳዩን ወደ አሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ወሳኝ ቦርድ መውሰድ ይችላል። አስማሚው አይፈርድም፤ ቦርዱ ግን ይወስናል። ስለዚህ አስማሚው ፊት የምታቀርቡትን ማስረጃ ለቦርዱም እንደሚሆን አድርጋችሁ አዘጋጁት።

ወረቀት ስታስገቡ ቀኑና መዝገብ ቁጥሩ የሰፈረበት፣ ማኅተም ያረፈበት ቅጂ ተቀበሉ። ክርክር ቢነሳ በጊዜው ማመልከታችሁን የምታስረዱበት እሱ ነው።

ጊዜው ካለፈ አንድ ጠባብ መውጫ አለ። የዘገየው ከአቅም በላይ በሆነ ምክንያት ከሆነ፣ ለምሳሌ ሠራተኛው ታሞ ከሆነ፣ ጉዳዩን የሚያየው አካል ሊቀበለው ይችላል። ነገር ግን ምክንያቱ ከተወገደ በ10 ቀን ውስጥ መቅረብ አለበት። ታሞ ከርሞ የዳነ አባል ካላችሁ፣ ከሐኪም ቤት የወጣበትን ቀን የሚያሳይ ማስረጃ ይዞ ከ10ኛው ቀን በፊት ችሎት እንዲደርስ አድርጉ።

አመሰግናለሁ።