«ያድግበታል» ስንል፦ ለልጅ ጫማና ልብስ ስንት ትርፍ ይበቃል?

[ምስል፦ ጅማ መርካቶ፤ በጫማ የተሞላ ሱቅ ደጃፍ።]

ትምህርት ቤት ሊከፈት ሲቃረብ በጅማ መርካቶ የጫማ ሱቆች አንዲት ቃል ደጋግማ ትሰማለች፤ «ያድግበታል»። በቃሏ ማንም ሊፈርድ አይችልም፤ በየወሩ ጫማ መግዛት የሚችል ወላጅ ጥቂት ነውና። ሆኖም ይህች ቃል ለሱሪ ስትነገርና ለጫማ ስትነገር ትርጉሟ አንድ አይደለም። የሱሪን ትርፍ ልብስ ሰፊው አጥፎ ይሰፋዋል፣ በዓመቱም ይፈታዋል። የጫማን ትርፍ ግን የሚያጥፈው የለም፤ ልጁ ራሱ በእግሩ ጣቶች ጨብጦ ይዞት ይዞራል።

ባለፈው ነሐሴ መጨረሻ ጎረቤቴ 6 ዓመት ለሞላው ልጇ 33 ቁጥር ሸራ ጫማ ገዛችለት፣ ጫፉንም በጥጥ ወተፈችው። ወር ሳይሞላ ልጁ ደረጃ ላይ ይደናቀፍ ጀመር፣ ካልሲውም ተረከዙ ላይ ተበላ። እግሩን ስንለካው ቀኙ 18.4፣ ግራው 18.7 ሴንቲ ሜትር ሆኖ ተገኘ። የ33 ቁጥር ጫማ የውስጥ ርዝመት ወደ 22 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ፣ ልጁ ከእግሩ 3.3 ሴንቲ ሜትር የሚረዝም ጫማ ነበር የሚጎትተው።

[ምስል፦ ጫማው በጎኑ ሲታይ፤ የሚታጠፍበት መስመር በቀይ ተሰምሮ።]

ጫማ የሚታጠፍበት የራሱ ቦታ አለው፤ ይኸውም ከጣቶቹ ሥር ካለው ሰፊው የእግር ክፍል ጋር እንዲገጥም ተደርጎ ይሠራል። ጫማው ሲረዝም ይህ መታጠፊያ ከእግሩ ወደ ፊት ያልፍና፣ እግሩ ሊታጠፍ በሚፈልግበት ቦታ ላይ ጫማው ደርቆ ይቀርበታል። በዚያ ላይ እግሩ በየእርምጃው ወደ ፊት ስለሚንሸራተት ልጁ ጫማው እንዳይወልቅበት ጣቶቹን ይቆለምማል፣ ተረከዙም ከፍና ዝቅ እያለ ይላጣል። ጥጡ መንሸራተቱን ጥቂት ይቀንስ እንደሆነ እንጂ መታጠፊያውን ወደ ኋላ አይመልስም፣ ወርዱንም አያጠብም። በእኔ ግምት ጥጥ ካስፈለገ ጫማው ከመጀመሪያውም የዚያ ልጅ አልነበረም ማለት ነው።

ይሁንና ከትልቁ ሸሽቶ ወደ ጠባቡ መሄድ ይብሳል። የልጅ እግር በአብዛኛው ገና ባልጠነከረ ለጋ አጥንት የተሠራ ነው፤ አጥንቱ ሙሉ በሙሉ የሚጠነክረው በጉርምስና ዓመታት ነው። ስለዚህም ሲጨመቅ በቀላሉ ቅርጹን ይለውጣል፣ ልጁም ብዙ ጊዜ አመመኝ አይልም። በኦስትሪያ በመዋዕለ ሕፃናት ልጆች ላይ የተደረገና በ2009 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት፣ ጫማቸው ባጠራቸው ልጆች ላይ አውራ ጣት ወደ ሌሎቹ ጣቶች የማዘንበሉ ነገር ጎልቶ እንደሚታይ አሳይቷል።

እንግዲህ ትክክለኛው ትርፍ ስንት ነው? ለሽፍን ጫማ 12 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ከዚህ ውስጥ ግማሹ ያህል ለዕድገት የተተወ አይደለም፤ እግር ሲራመድ ስለሚረዝምና ወደ ፊት ስለሚገፋ ለመራመጃ ያስፈልገዋል። የቀረው 6 ሚሊ ሜትር ነው «ያድግበታል» የምንለው። የ6 ዓመት ልጅ እግር በዓመት እስከ 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስለሚያድግ፣ ይህ ትርፍ ግማሽ ዓመት ወይም ጥቂት ከዚያ በላይ ያስኬደዋል። ከ3 ዓመት በታች ያሉት ግን በፍጥነት ስለሚያድጉ በየሁለት ወሩ መለካት አለባቸው።

[ምስል፦ ልጁ ካርቶን ላይ ቆሞ፣ ተረከዙ ግድግዳ ነክቶ።]

የሚያስፈልገው አንድ ቁራጭ ካርቶን፣ እርሳስና ማስመሪያ ነው። እግር ሲውል ጥቂት ስለሚያብጥ ከሰዓት በኋላ ይለካ። ልጁ ከጫማው ጋር የሚያደርገውን ካልሲ አድርጎ፣ ተረከዙን ግድግዳ አስነክቶ፣ ክብደቱን በሁለቱም እግሮቹ ላይ አሳርፎ ይቁም፤ ተቀምጦ የተለካ እግር ያጥራል። ከጣቶቹ ረጅሙ የደረሰበት ላይ ምልክት ይደረግ፤ አንዳንድ ልጅ ላይ ረጅሙ ሁለተኛው ጣት ነው እንጂ አውራ ጣቱ አይደለም። ከሁለቱ እግሮች ትልቁ ይወሰድና 12 ሚሊ ሜትር ይጨመርበት፤ በዚያ ልክም አውራ ጣት የሚያህል ወርድ ያለው የካርቶን ዘንግ ተቆርጦ ጫፉ ይክበብ።

ለጎረቤቴ ልጅ የቆረጥነው ዘንግ 18.7 ሲደመር 1.2፣ ማለትም 19.9 ሴንቲ ሜትር ሆነ። በአውሮፓ አቆጣጠር የጫማ ቁጥር የሚገኘው የውስጡን ርዝመት በ1.5 በማባዛት ስለሆነ፣ 19.9 በ1.5 ሲባዛ 29.85 ይሰጣል። ይህ 30 ቁጥር ነው፤ እናቱ ከገዛችው በሦስት ቁጥር ያነሰ።

ዘንጉን ይዞ ያለ ልጁ ገበያ መሄድ ይቻላል፤ በሐሙስ ገበያ ግርግር ልጅ ከመጎተትም ያድናል። ዘንጉ ጫማው ውስጥ ገብቶ ከጫፍ ሲደርስ ኋላው ተረከዙን ሳይታጠፍ መንካት አለበት። ከታጠፈ ጫማው አጭር ነው፤ ኋላው ላይ ከግማሽ ሴንቲ ሜትር የበለጠ ክፍተት ከቀረ ደግሞ ረጅም ነው። የጫማውን ጫፍ በጣት መጫን ግን አያስተማምንም፤ ልጅ ሲጫኑት ጣቱን ያጥፋልና ባዶ ቦታ ያለ ይመስላል። ወርዱና ተረከዙ ልጁን አስቁሞና አራምዶ ቤት ይረጋገጣል፤ ስለዚህ ከሻጩ ጋር ስለ መለወጥ አስቀድሞ መነጋገር ይበጃል።

ዘንጉ ይበልጥ የሚጠቅመው ሳልቫጅ ተራ ነው፤ እዚያ የአሜሪካ፣ የእንግሊዝና የአውሮፓ ቁጥሮች ተደባልቀው ስለሚገኙ ቁጥሩን ማመን አይቻልም። ጫማውን ጠረጴዛ ላይ አቁመው ከኋላ ሲያዩት ተረከዙ ወደ አንድ ጎን ካዘነበለ፣ ወይም የውስጡ ሶል የሌላ ልጅ ጣቶች ቅርጽ ከያዘ፣ ርካሽ ቢሆንም ይተው። የጅማ ዝናብ ረጅም ነውና ቦቲም ያስፈልጋል፤ እርሱም በወፍራም ካልሲ ይለካ እንጂ ሁለት ቁጥር አይጨመርበት፤ ጭቃ ላይ የሚንሸራተት ተረከዝ ልጁን ይጥለዋል።

[ምስል፦ የተማሪ ሱሪ፤ ወደ ውስጥ የታጠፈው ጨርቅ ሲዘረጋ።]

ልብስ ላይ ወላጅ ይበልጥ ነፃ ነው። ልኩ በቁመት የተጻፈ ልብስ ሲገኝ፣ ለምሳሌ 116 ወይም 122 ሲል፣ የልጁን ቁመት በሴንቲ ሜትር ማለቱ ስለሆነ ዕድሜ ከተጻፈበት ይልቅ ያስተማምናል። በሁለቱ መካከል ያለው 6 ሴንቲ ሜትር በዚህ ዕድሜ የአንድ ዓመት ዕድገት ያህል ነው፤ ስለዚህ አንድ ደረጃ መጨመር ይበቃል። ዩኒፎርም የሚያሰፋ ሰው ልብስ ሰፊውን ሱሪው ግርጌ 6 ሴንቲ ሜትር ያህል፣ እጅጌው ላይ 4 ያህል እንዲያጥፍለትና ወገቡ ላይ ላስቲክ እንዲያስገባለት ይጠይቅ። ትከሻ ግን አይታጠፍም። የትከሻው ስፌት ወደ ክንድ ከወረደ እጁን ሲያነሳ ልብሱ ሁሉ አብሮ ይነሳል፤ ስለዚህ ትከሻው በልኩ ሆኖ ርዝመቱ ላይ ብቻ ይተረፍ።

ጎረቤቴ 33ቱን ለእህቷ ልጅ ሰጥታ 30 ቁጥር ገዛች። በጥር መጨረሻ እንደገና ለካነው፤ ግራ እግሩ 19.2 ደርሷል። ጫማው ውስጥ የቀረው 8 ሚሊ ሜትር ነው። ከ6 በታች ሲወርድ ይቀየራል፤ ያም በመጋቢት አካባቢ ይሆናል፣ የሚገዛውም 31 ቁጥር ነው።