ስሙ ይሸፈን፣ ማርኩ ግን አይቀያየር

ሰላም! ዛሬ የፈተና ወረቀት በስልክ አንስታችሁ ለሌላ መምህር ለእርማት ስትልኩ፣ አራሚው የማን ወረቀት እንደሆነ ሳያውቅ፣ ማርኩም ወደ ሌላ ልጅ ሳይሄድ እንዴት እንደሚሠራ እናያለን። ምሳሌያችን 60 ተማሪ ያለበት የ10ኛ ክፍል የባዮሎጂ ፈተና ነው።

[ስክሪን፦ በስልክ ጥቁር የተቀባ ስም]

ብዙ ሰው መጀመሪያ ፎቶ ያነሳና ስሙን በስልኩ ይቀባዋል። ግን የስልኩ ማድመቂያ ብዕር ጥቁር ይምሰል እንጂ ከስር ያለውን ያሳልፋል፤ ብርሃኑን ከፍ ስታደርጉት ስሙ ብቅ ሊል ይችላል። እና ካሜራው ስሙን ጭራሽ አይየው። የካርቶን ቁራጭ ስሙ ላይ አስቀምጡና አንሱ። ወረቀቱ ስስ ከሆነ ስሙ በጀርባም ስለሚታይ እዚያም ሸፍኑ።

ተራ ቁጥርስ? እሱም ይሸፈን። ሮስተር በፊደል ተራ ስለሚሠራ 1 ቁጥር «አበበ» ወይም «አቤል» መሆኑን ማን መምህር ያጣዋል!

[ስክሪን፦ 479]

በምትኩ ኮድ ስጡ። ወረቀቶቹን አደባልቁ፣ ከ10 እስከ 99 ካሉት ቁጥሮች ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ በዕጣ አውጡለት፣ ሦስተኛ አሃዝ ደግሞ እናንተ ጨምሩበት። 47 ወጣ እንበል። 4 በ3 ሲባዛ 12፣ 7 ሲደመር 19፤ የመጨረሻውን 9 ወስዳችሁ 479 ትላላችሁ። ይቺ 9 ጠባቂ ናት። አራሚው ተሳስቶ 419 ብሎ ቢልክ፣ 12 ሲደመር 1 13 ስለሆነ መጨረሻው 3 መሆን ነበረበት፣ ስለዚህ ስህተቱ ወዲያው ይያዛል። አንድ አሃዝ ብቻ ከተሳሳተ ሁሌም ትይዛለች፤ የሁለት አሃዝ ቦታ ሲቀያየር ግን አንዳንዴ ታመልጣለች።

ኮዱን ከማንሳታችሁ በፊት በየገጹ ጥግ ጻፉት። በመጀመሪያው ገጽ ላይ ብቻ ከጻፋችሁት ሁለተኛው ቅጠል የማን እንደሆነ አይታወቅም። ኮዱን ከስሙ ጋር የሚያገናኘው ዝርዝር እናንተ ጋ ይቅር፣ ለአራሚው አይላክ።

[ስክሪን፦ ኤክሴል]

ማርኩ ሲመለስ እጃችሁን ኪቦርዱ ላይ አታብዙ፣ በተለይ አንዷን ዓምድ ብቻ «ሶርት» እንዳታደርጉ፤ ሌላው ባለበት ይቀርና የክፍሉ ማርክ በሙሉ ይዘበራረቃል። አራሚው የላከውን ኮድና ማርክ Marks በሚባል ሺት አስቀምጡና፣ በእናንተ ሺት ኮዱ C2 ላይ ካለ ይህን ጻፉ፦

```
=VLOOKUP(C2,Marks!A:B,2,FALSE)
```

FALSE የሚለውን እንዳትረሱት። ካልጻፋችሁት ኮዱ በትክክል ባይገኝም ኤክሴል ዝም ብሎ የሌላ ልጅ ማርክ ሊሰጣችሁ ይችላል። FALSE ካለ ግን #N/A ይላል፣ እናንተም ትፈልጉታላችሁ።

ከዚያ 60 ማርክ መግባቱን ቁጠሩ፣ የተደገመ ኮድ ካለም እዩ። በመጨረሻ ዋናውን ወረቀት ከክምሩ መሀል አምስት ያህል መዝዛችሁ ስሙንና ኮዱን ከሮስተሩ ጋር አስተያዩ። አንዱ እንኳ ካልገጠመ ሁሉንም ሳታዩ ማርክ አትለጥፉ።