ጎደለ፣ ጎደለባት፣ አጎደለች፦ የሺፍት ርክክብ ላይ ያነሰ ብርን ስለማሳወቅ

ጤና ይስጥልኝ፣ እንኳን በደህና መጣችሁ። የዛሬው ክፍል ስለ አንዲት አጭር መልእክት ነው። ቀን ስምንት ሰዓት ላይ የጠዋቱ ሺፍት ለከሰዓቱ ሲያስረክብ የካሸሩ መሳቢያ ተቆጥሮ ብሩ ያንሳል፤ አንድ ሰው ደግሞ ይህንን ለሱፐርቫይዘሩ መጻፍ አለበት። ብሩ የት እንደሄደ ገና አልታወቀም። መልእክቱ ግን ብዙ ጊዜ ያልታወቀውን ነገር የታወቀ አስመስሎ ይወጣል፣ ጸሐፊው ሳያስበው።

ለዚህ አማርኛ ራሱ እጁ አለበት። «ብር ጎደለ» ስንል ብሩ ብቻ ነው ያለው፣ ሰው የለም። «ብር አጎደለች» ስንል በአንዲት «አ» ሰው ገባ፤ አድራጊ ተገኘ። ይሄኛውን ሁሉም ያውቀዋል፣ ስለዚህ ጥንቁቅ ሰው አይጽፈውም። አስቸጋሪው መሃል ላይ ያለው ነው፤ «ብር ጎደለባት»። የርኅራኄ ድምፅ አለው፣ «አይ ልጅቷ፣ ጎደለባት» እንደማለት። ነገር ግን ያቺ «ባት» ጉዳቱንም ዕዳውንም በአንድ ሰው ላይ ታስቀምጣለች። መሳቢያው የድርጅቱ፣ ብሩም የድርጅቱ ሆኖ ሳለ የጎደለው «በእሷ ላይ» ሆነ። «ተገኘባት» ደግሞ ከዚህም ይብሳል፤ የኦዲት ቋንቋ ነው፣ የሚያነበው ሰው ወዲያው የሚያስበው ክስ ነው።

«ተወሰደ» የሚለውም እንደዚሁ ነው። ወሳጁ አልተጠቀሰም፣ መወሰዱ ግን ተረጋግጧል ማለት ነው። በቆጠራ የተረጋገጠው ግን መወሰዱ ሳይሆን ማነሱ ነው።

ሌላም አለ። «ዛሬም ጎደለ» ብሎ የጻፈ ሰው በአንዲት «ም» ያለፈውን ሳምንት ሁሉ ጎትቶ አመጣ። ከዚህ በፊት ተደጋግሞ ከሆነ ቀኑና መጠኑ ተዘርዝሮ፣ በሌላ ቀን፣ በሌላ ጽሑፍ ይቅረብ። የዛሬው መልእክት የዛሬን ብቻ ይያዝ። «ማንንም ለመውቀስ ሳይሆን» ብሎ መጀመርም አይረዳም፤ ወቀሳ ያልነበረበት ቦታ ላይ ወቀሳን ስሙን ጠርቶ ያመጣዋል። ይህን ዐረፍተ ነገር ያነበበ ሰው ቀጥሎ የሚፈልገው ማን እንደሚወቀስ ነው።

ታዲያ ምን ይጻፍ? እኔ የምመርጠው ዐረፍተ ነገር ባለቤቱ ቆጠራው እንዲሆን ነው። «የማሽን ቁጥር 3 ቆጠራ መኖር ከነበረበት በ1,460 ብር አንሷል»። አንዳንዶች ለትሕትና ሲሉ «ልዩነት አለ» ብለው ያቆማሉ። ልዩነት ጥሩ ቃል ነው፣ ግን በልጦ ነው አንሶ? ያ ሳይነገር ሲቀር ሱፐርቫይዘሩ ደውሎ ይጠይቃል፣ ጉዳዩም ከጽሑፍ ወጥቶ በስልክ ወሬ ይሆናል። «አንሷል» ግልጽ ነው፣ ማንንም አይነካም።

እስቲ ይህን 1,460 ብር ይዘን እንሂድ። አንድ ሱፐርማርኬት ውስጥ ነን እንበል። ጠዋት ለመልስ የሚሆን መነሻ 2,000 ብር መሳቢያው ውስጥ ገብቷል። ስምንት ሰዓት ላይ ከካሽ ሬጅስተሩ የወጣው ኤክስ ሪፖርት በጥሬ ገንዘብ የተሸጠው 38,465 ብር ነው ይላል። አራት ሰዓት ተኩል ላይ 20,000 ብር ወደ ካዝና ገብቷል፣ ደረሰኙም አለ። ስለዚህ መሳቢያው ውስጥ መኖር ያለበት 2,000 ሲደመር 38,465 ሲቀነስ 20,000፣ ማለትም 20,465 ብር ነው። የተቆጠረው 19,005 ብር። ያነሰው 1,460።

እዚህ ላይ ስለ ቅደም ተከተሉ አንድ ነገር ልበል፣ ምክንያቱም መልእክቱ ንጹሕ የሚሆነው ቆጠራው ንጹሕ ከሆነ ነው። መጀመሪያ ይቆጠራል፣ ይጻፋል፣ ከዚያ በኋላ ነው ኤክስ ሪፖርቱ የሚወጣው። መኖር ያለበትን ቁጥር አስቀድሞ ያየ ሰው ሲቆጥር ዓይኑ ወደዚያ ቁጥር ይሄዳል፤ ሲያንስበት ደግሞ ደጋግሞ ይቆጥራል፣ ሲሞላለት ያቆማል። ወጪው ካሸር ይቁጠር፣ ገቢው ካሸር በራሱ እንደገና ይቁጠር፣ ሁለቱም በየወረቀታቸው ይጻፉ። የሚወጣውም ኤክስ ነው እንጂ ዜድ አይደለም። ኤክስ እያነበበ ያሳያል፣ ምንም አይነካም፤ ዜድ ግን የቀኑን ሽያጭ ይዘጋል። ቀን ስምንት ሰዓት ላይ በስሕተት ዜድ ከተመታ የቀኑ ሽያጭ ለሁለት ይከፈላል፣ ማታ ሒሳብ ሲታረቅም ያልነበረ ግርግር ይነሳል።

ቆጠራው ሲጻፍ ድምሩ ብቻ አይበቃም፤ በየኖቱ ይዘርዘር። ባለ 200 ብር ስልሳ ሁለት፣ ባለ 100 አርባ ስምንት፣ ባለ 50 ሃያ ሰባት፣ ባለ 10 ሠላሳ ስምንት፣ ባለ 5 አሥራ ሁለት፣ የአንድ ብር ሳንቲም አሥራ አምስት። ድምሩ 19,005። ዝርዝሩ የሚጠቅመው ሌላ ሰው ካዝናው ውስጥ የገባውን እሽግ ሲከፍት ነው። መቶ ፍሬ ባለ 200 ተብሎ የታሰረው 20,000 በውስጡ ዘጠና ዘጠኝ ወይም መቶ አንድ ሊሆን ይችላል። የመሳቢያው ዝርዝር ከሌለ ግን ሁለቱን ማገናኘት አይቻልም።

አሁን ወደ መልእክቱ። ይህን ይመስላል፤

«ለሱፐርቫይዘር። ዛሬ ቀን 8፡10 በሺፍት ርክክብ የማሽን ቁጥር 3 ቆጠራ መኖር ከነበረበት 20,465 ብር በ1,460 ብር አንሷል። ሁለት ሰው ለየብቻ ቆጥሯል፣ ሁለቱም 19,005 አግኝተዋል። የኖት ዝርዝር፣ ኤክስ ሪፖርት እና የካዝና ደረሰኝ ተያይዘዋል። የቴሌብር እና የካርድ ክፍያዎች ከማሽኑ ጋር ገና አልተመሳከሩም፣ የካዝናው እሽግም ገና አልተከፈተም። ምክንያቱ እስካሁን አልታወቀም። ከጠዋት ጀምሮ በማሽኑ የሠሩ፦ 2፡00 እስከ 4፡30 ካሸር፣ 4፡30 እስከ 4፡50 ተተኪ፣ 4፡50 እስከ 8፡00 ካሸር። ወደ ካዝና ያስገባው ተረኛ ሱፐርቫይዘር።»

የመጨረሻው ክፍል ላይ ሰዎች ይከራከራሉ። ሰው ካልተወቀሰ ለምን ሰው ይጻፋል ይላሉ። እኔ ግን ስም መደበቅ ራሱ ጥርጣሬ ይወልዳል እላለሁ። ሁሉም የጠዋቱ ካሸር ማን እንደነበረች ያውቃል፤ ካልተጻፈ የሚታሰበው እሷ ብቻ ናት። መፍትሔው መሳቢያው የተከፈተለትን ሰው ሁሉ በሰዓቱ መዘርዘር ነው፣ ለሻይ የተካውንም፣ ብር ያወጣውን አለቃም ጨምሮ። ቅደም ተከተሉ የሰዓት ይሁን፣ የጥርጣሬ አይሁን። «ብቻ» የሚለው ቃል እዚህ ውስጥ እንዳይገባ። «በዚያ ሰዓት የነበረችው እሷ ብቻ ናት» የሚለው እውነት ሊሆን ይችላል፤ ሰዓቱ ከተጻፈ ግን አንባቢው ያየዋል፣ ጸሐፊው መጠቆም የለበትም።

«ገና አልተመሳከሩም» የሚለውን መስመርም እንዳትዘሉት። ምናልባት ከሁሉም የሚጠቅመው እሱ ነው። ብር የሚያንስባቸው ተራ መንገዶች ክፍት መሆናቸውን ይናገራል። ደንበኛ በቴሌብር ከፍሎ ማሽኑ ላይ በጥሬ ገንዘብ ሲመታ መሳቢያው በዚያው መጠን ያንሳል፣ ብሩ ግን በድርጅቱ አካውንት ተቀምጧል። በእኛ ምሳሌ ማሽኑ ቴሌብር 12,780 ብር ይላል፤ የድርጅቱ የቴሌብር ዝርዝር ለዚያው ሰዓት 14,040 ያሳያል። ልዩነቱ 1,260። ከዝርዝሩ ውስጥ 1,260 ብር የሆነ አንድ ክፍያ ሲፈለግ አምስት ሰዓት ከሩብ ላይ ተገኘ፤ በዚያው ደቂቃ አካባቢ ማሽኑ ላይ በጥሬ ገንዘብ የተመታ የ1,260 ብር ደረሰኝ አለ። የቀረው 200 ብር ነው።

መልእክቱ «ካሸሯ 1,460 አጎደለች» ብሎ ወጥቶ ቢሆን ይህ ሁሉ የሚገኘው ከሁለት ሰዓት በኋላ፣ ሰው ከተሰደበ በኋላ ነበር።

አንድ የሒሳብ ዘዴም አለ፣ ሒሳብ ሠራተኞች የሚያውቁት። ያነሰው ቁጥር ለ9 ያለ ቀሪ ከተካፈለ፣ አንድ ቦታ ሁለት አኃዝ ቦታ ተለዋውጦ ተጽፎ እንደሆነ ይታያል፤ 540 በ450 ፋንታ ሲጻፍ ልዩነቱ 90 ነው። ይህ ግን ፍንጭ ነው፣ ማስረጃ አይደለም። የእኛው 1,260 ራሱ ለ9 ይካፈላል፣ ምክንያቱ ግን ሌላ ሆኖ ተገኝቷል።

ከዚያ የፊርማው ነገር። በብዙ ቦታ የርክክብ ቅጹ ግርጌ ላይ «ጉድለቱን አምኛለሁ» የሚል መስመር አለ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ከደመወዝ ላይ መቁረጥ የሚቻለው በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት ወይም በሥራ ደንብ ሲፈቀድ፣ ፍርድ ቤት ሲያዝ፣ ወይም ሠራተኛው በጽሑፍ ሲስማማ ነው፤ በአንድ ጊዜ የሚቆረጠውም ከወር ደመወዙ አንድ ሦስተኛ አይበልጥም። ስለዚህ ያቺ «አምኛለሁ» ነገ እንደ ጽሑፍ ስምምነት ልትቀርብ ትችላለች። ለርክክብ የሚያስፈልገው ፊርማ ግን ሌላ ነው፤ «ከላይ ያለውን ብር ቆጥሬአለሁ»። ሁለቱም ካሸሮች ይህንን ይፈርሙ፣ አንዷ ብቻ አትፈርም።

የት እንደሚላክም ቃሉን ያህል ይወስናል። የሠራተኞች የቴሌግራም ግሩፕ ላይ የተለጠፈ ማንኛውም ዐረፍተ ነገር፣ ምንም ያህል ገለልተኛ ቢሆን፣ ከሥሩ የሚመጣው ዝምታና የጣት ምልክት ክስ ያደርገዋል። ለተረኛ ሱፐርቫይዘርና ለሒሳብ ክፍል፣ በቃ። ወጪዋ ካሸር ከመውጣቷ በፊት ታንብበው፤ ያላነበበችው ወረቀት ስለ እሷ የተጻፈ ይሆናል፣ ያነበበችው ግን አብራ የጻፈችው ነው።

የቴሌብሩ ነገር ሲጣራ ደግሞ ሁለተኛ መልእክት ይሄዳል፣ ለእነዚያው ሰዎች፣ በዚያው ቦታ። «ከ1,460 ብር ውስጥ 1,260 ብር በቴሌብር ገብቶ በጥሬ ገንዘብ የተመዘገበ ሆኖ ተገኝቷል፣ ደረሰኙ ተያይዟል። ቀሪ 200 ብር፦ የካዝናው እሽግ ተከፍቶ ተቆጥሯል፣ 20,000 ሙሉ ነው። ምክንያቱ አልታወቀም።» በዚህ መስመር ላይ «ምናልባት» ብሎ መቀጠል ያምራል፤ ምናልባት መልስ በዝቶ ተሰጥቶ፣ ምናልባት ኖት ተጣብቆ። አትቀጥሉ። 200 ብሩ እንዳልታወቀ ይመዝገብና በዚያው ይደር።